አሮጌ ሃይላይት ላይ የተቀባ ጥቁር ቀለም ለምን ይዥጎረጎራል?

ሃይላይት የተሠራ ፀጉርን ወደ ጥቁር መመለስ ቀላል ይመስላል። ሐዘን ይመጣል፣ አዲስ ሥራ ይጀመራል፣ ወይም ሥሩ እያደገ ከላይ ጥቁር ከታች ቢጫ መሆኑ ያሰለቻል። አንድ ካርቶን ጥቁር ቡናማ ቀለም ተገዝቶ ከሥር እስከ ጫፍ ይቀባል፣ ይታጠባል፣ በመስተዋት ሲታይ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው። ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን አሮጌው ሃይላይት ከጥቁሩ ሥር ብቅ ማለት ይጀምራል። አንዳንዱ ዘለላ የደረቀ ቅጠል ይመስላል፣ አንዳንዱ ወደ አረንጓዴ ያደላል፣ መሐሉ ላይ ደግሞ እንደ ቀበቶ የከበበ ጥቁር መስመር ይታያል።

አብዛኛው ሰው በዚህ ጊዜ የሚያደርገው ያንኑ ቀለም እንደገና ከላይ እስከ ታች መቀባት ነው። ነገሩ የሚከፋውም በዚህ ነው፤ ዥንጉርጉሩን ያመጣው የቀለም ማነስ ስላልሆነ ቀለም ሲጨመርበት አይጠፋም። ጉድለቱ ሌላ ነው፤ ከነጡት ዘለላዎች ውስጥ ቀይና ብርቱካናማው ወጥቶ አልቋል፣ እሱን ሳይመልሱ የሚቀቡት ጥቁር ሁሉ የሚቆምበት መሠረት የለውም።

ይህን በአንዲት ደንበኛ ፀጉር ላስረዳ። ፀጉሯ ትከሻዋን አልፎ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ይወርዳል። ሃይላይት ከተሠራች 14 ወር ከሆናት በኋላ ቤቷ ውስጥ ጥቁር ቡናማ ቀለም በ6 በመቶ ኦክሲዳንት በጥብጣ ሁሉንም ቀባችው። ፀጉር በወር አንድ ሳንቲ ሜትር ከሩብ ገደማ ስለሚያድግ ያን ጊዜ ከላይ ያለው 17 ሳንቲ ሜትር ያልተነካ የራሷ ፀጉር ነበር። ከዚያ በታች ያለው ድብልቅ ነው፤ አንዱ ዘለላ የተፈጥሮ ጥቁር፣ ጎኑ ያለው ደግሞ እስከ ቢጫ የነጣ። በወሩ ሃይላይቱ ሲወጣባት ያንኑ ቀለም ደገመችው። እኔ ጋ የመጣችው ከዚያ ስድስት ሳምንት ቆይታ ነው።

መስኮት አጠገብ አስቀምጬ ፀጉሯን በማበጠሪያ ጭራ እየከፈልኩ ሳየው አራት ዓይነት ፀጉር አገኘሁ። የራስ ቆዳው አጠገብ ሁለት ሳንቲ ሜትር የሚሆን አዲስ የበቀለ ጥቁር አለ። ከእሱ ቀጥሎ ያለው ረጅሙ ክፍል በጥላ ጥቁር ነው፣ ፀሐይ ሲመታው ግን ቀላ ይላል። ሃይላይቱ በሚጀምርበት ቦታ አራት ጣት የሚሰፋ፣ ብርሃን የማይመልስ ድፍን ጥቁር ቀለበት አለ። ከዚያ በታች እስከ ጫፍ ድረስ የነጡት ዘለላዎች አመድማ አረንጓዴ ሆነው በጥቁሮቹ መካከል ተሰንበረዋል።

እነዚህ አራቱ የተቀቡት ከአንድ ሳህን በወጣ ቀለም ነው። የተለያየ ነገር የሆኑት ከሥራቸው ያለው ፀጉር የተለያየ ስለነበረ ነው።

የእኛ ፀጉር ጥቁር ይምሰል እንጂ ውስጡ ብዙ ቀይና ቢጫ አለው። የሚያነጣው ዱቄት ሲቀባበት የተፈጥሮ ቀለሙን በየደረጃው ያጠፋዋል፤ ጥቁሩ መጀመሪያ ወደ ጥቁር ቀይ፣ ቀጥሎ ወደ ብርቱካናማ፣ ከዚያ ወደ ወርቃማ፣ መጨረሻ ወደ ቢጫ ይሄዳል። ሃይላይት ሲሠራ ያየ ሰው ፎይሉ በተገለጠ ቁጥር ይህን ጉዞ ያውቀዋል። ዓይናችን ቡናማ የሚለው ቀለም ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ተደባልቀው የሚሰጡት ነው። ቢጫ ድረስ የነጣ ዘለላ ውስጥ ቀይ የለም። በካርቶን የሚሸጠው ጥቁር ቡናማ ደግሞ ፀጉሩ የራሱን ቀይ ይዞ ይጠብቀኛል ብሎ የተሠራ ነው፣ ብዙ ጊዜም ሙቀቱን የሚያበርድ ሰማያዊ ይበዛበታል። ሰማያዊ ከቢጫ ጋር ሲገናኝ ምን እንደሚወጣ ልጆችም ያውቁታል። ከደንበኛዬ ጫፎች ላይ የነበረው አረንጓዴ የመጣው ከዚህ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የፀጉሩ ቆዳ ነው። ጤነኛ ፀጉር ከውጭ በደቃቅ ቅርፊቶች ተሸፍኗል፤ ቀለም ቀስ ብሎ ይገባበታል፣ ከገባም ይቆያል። የነጣ ፀጉር ቅርፊቱ ስለተከፈተ ቀለምን ድርቆሽ ወጥ እንደሚጠጣ ይጠጣዋል፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ከተፈጥሮው ዘለላ የበለጠ ይጠቁራል። ነገር ግን ያው ክፍት በር መውጫም ነው። በአምስትና በስድስት ሻምፖ አብዛኛው ይታጠባል፣ ካውያ የሚበዛበት ከሆነ ደግሞ ከዚያም ይፈጥናል።

የቀለበቱ ነገር ከዚህ ጋር ይሄዳል። ሃይላይቱ በሚጀምርበት ቦታ ያለው ፀጉር ቀለም ለመጠጣት በቂ ያህል ተከፍቷል፣ እንደ ጫፉ ግን አላረጀም፤ የጠጣውን ይይዛል። ሁለት ጊዜ ሲቀባ ሁለቱም ተደራረቡበት። ጫፉ ሁለቱንም አፈሰሰ። ከላይ ያለው ቅላት ደግሞ የኦክሲዳንቱ ሥራ ነው፤ 6 በመቶው ቀለም ከማስገባቱ ጎን የተፈጥሮ ጥቁሯን በጥቂቱ አነሣው፣ የገባው ቀለም ሲደክም የተነሣው ቀይ ታየ።

ማስተካከሉ የሚጀምረው ቀለም ከመምረጥ በፊት ነው። ፀጉሩ በሚያጠራ ሻምፖ ይታጠባል፣ ኮንዲሽነር ሳይቀባ ይደርቃል፣ በቀን ብርሃን ይታያል። የፀጉር ቤት አምፖል ቢጫ ስለሚጨምር አረንጓዴውንም ቅላቱንም ይደብቃል። ቀጥሎ ከጫፉ አንድ ቀጭን ዘለላ አርሶ ቀስ ብሎ መሳብ ነው። ጤነኛ ፀጉር ትንሽ ተስቦ ይመለሳል። እንደ ማስቲካ ተለጥጦ ካልተመለሰ ወይም ከተበጠሰ ያ ክፍል ምንም ዓይነት የሚያነሣ ነገር አይችልም፤ መቆረጥ አለበት ወይም ለስላሳ ቀለም ብቻ ይቀባል። የደንበኛዬ ፀጉር ይመለስ ነበር፣ የመጨረሻው ሦስት ሳንቲ ሜትር ሲቀር። እሱን ቆረጥነው።

ከዚያ የሚመጣው ውሳኔ የሥራውን ሁሉ ክብደት የሚወስን ነው፤ ወደየትኛው ጥቁረት እንሄዳለን? የፀጉር ቀለም ቱቦዎች ላይ ያለው የመጀመሪያ ቁጥር የጥቁረት ደረጃ ነው። 1 ጥቁር ነው፣ 3 ጥቁር ቡናማ፣ 4 መካከለኛ ቡናማ፣ 5 ፈካ ያለ ቡናማ፤ ቁጥሩ ሲጨምር እየፈካ ሄዶ 10 ላይ በጣም ፈዛዛ ቢጫ ይሆናል። ከነጥቡ በኋላ ያለው የቀለሙን አዝማሚያ ይናገራል። በብዙ ፋብሪካዎች .1 አመድማ፣ .3 ወርቃማ፣ .4 መዳብማ ነው፤ ሁሉም ግን አንድ ዓይነት ቁጥር ስለማይጠቀሙ የዚያን ቱቦ ሰንጠረዥ ማየት ግድ ነው።

የደንበኛዬ ቀለበት 2 ላይ ነበር፣ ተፈጥሮዋ 3፣ የቀላው ክፍል 4 አካባቢ፣ የነጡት ዘለላዎች ደግሞ ወደ 7 ተመልሰዋል። እሷ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ሁሉም 5 እንዲሆን ነው። ይህ የማይሆነው አዲስ ቀለም አሮጌ ቀለምን ስለማያነሣ ነው። 5 ቁጥርን በ2 ላይ ብትቀባ 2ቱ እንዳለ ይቆያል፤ ቀለበቱን ወደ 5 ማምጣት በማንሻ ብቻ የሚሆን ነው፣ ያ ደግሞ አስቀድሞ የነጣ ፀጉር ላይ ነው። ፈካውን ወደ ጥቁሩ ማውረድ ግን ፀጉር አይጎዳም። በተፈጥሮዋ ደረጃ፣ ማለትም 3 እና 4 መካከል እንዲሆን ተስማማን። ማንኛውም ዥንጉርጉር ፀጉር ያላት ሴት ይህን ጥያቄ ከፀጉር ሠሪዋ ጋር ፊት ለፊት ተነጋግራ መጨረስ አለባት፤ የሚበዛው ቅሬታ የሚነሣው ያልተነገረ ነገር ስለሚጠበቅ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ እንምጣ፤ ይህም የጠፋውን ቀይ መመለስ ነው። ሙያተኞች መሙላት ይሉታል። ለዚህ የሚመረጠው አሞኒያ የሌለው ወይም እጅግ ጥቂት ያለው፣ ፀጉርን የማያነሣ ለስላሳ ቀለም ነው፤ ከመድረሻው አንድ ወይም ሁለት ደረጃ የሚፈካ፣ ወርቃማና መዳብማ ያለበት። ለእሷ 6.34 መረጥኩ። 30 ግራም ቀለም በ60 ግራም፣ 2 በመቶ ያህል በሚሆን ደካማ ኦክሲዳንት በጠበጥኩት። ይህ አንድ ለሁለት መጠን የዚያ ቱቦ መመሪያ ነው፤ አንድ ለአንድ ተኩል ወይም አንድ ለአንድ የሚሉም አሉ፣ የቱቦውን መከተል ነው።

የሚቀባው ለነጡት ዘለላዎች ብቻ ነው። ትዕግሥት የሚፈልገው ቦታ ይኸው ነው። በማበጠሪያ ጭራ የነጡትን እየሰፉ ማውጣት፣ ከሥራቸው ፎይል ማድረግ፣ ሃይላይቱ ከሚጀምርበት እስከ ጫፍ በብሩሽ መቀባት፣ ፎይሉን ማጠፍ። ጥቁሩ ዘለላ ሳይነካ ይቀራል፣ ቀለበቱም አይነካም። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይቆያል፤ ካስክ ውስጥ አይገባም፣ ሙቀት ሲጨመርበት የነጣ ፀጉር ከሚገባው በላይ ይጠጣል።

ፎይሉ ሲከፈት ዘለላዎቹ እንደ ዝገት ብርቱካናማ ሆነው ይታያሉ። ብዙ ደንበኛ እዚህ ላይ ትደነግጣለች፤ ፀጉሯ ከመጣችበት የባሰ መስሎ ይታያታል። መምሰል ያለበት ግን ይህን ነው። ጤነኛ ጥቁር ፀጉር ቡናማ ደረጃ ላይ ሲደርስ ከውስጡ የሚወጣው ቀለም ያው ስለሆነ ነው። አሁንም ቢጫ የሚታይበት ዘለላ ካለ ገና አልሞላም፣ ይደገምለታል። ከሞላ በኋላ ለብ ባለ ውኃ ብቻ ይለቀለቃል ወይም በፎጣ ይጠረጋል፤ ሻምፖ አይነካውም፣ አሁን የገባውን ቀለም ስለሚያወጣ።

ከዚያ የመድረሻው ቀለም ይመጣል፣ እዚህም አንድ ቀለም ለሁሉም አይሠራም። ሥሩና የቀላው ክፍል 4 ቁጥር በ3 በመቶ ኦክሲዳንት ተቀቡ፤ 3 በመቶው ከ6 በመቶው በጣም ያነሰ ስለሚያነሣ ቅላቱ እንዳይደገም ያደርጋል። የተሞሉት ዘለላዎች ደግሞ ግማሽ ያህል 4፣ ግማሽ ያህል 5.3 የተደባለቀበት ለስላሳ ቀለም አገኙ። የሚፈካ ቀለም የመረጥኩት የነጣ ፀጉር ሁልጊዜ ከቱቦው ቁጥር ይልቅ ወደ ጥቁር ስለሚሄድ ነው። .1 ያለበት ቀለም ግን አልተቀባም። ሰው ቅላት ስለሚፈራ አመድማ ይመርጣል፤ በተሞላ ፀጉር ላይ አመድማ ማድረግ የመለሱትን ቀይ ወዲያው ማጥፋት ነው።

ቅደም ተከተሉም ይቆጠራል። ቀስ ብሎ የሚጠጣው የተፈጥሮ ክፍል መጀመሪያ ተቀባ፣ 15 ደቂቃ ያህል ብቻውን ቆየ። የነጣው ክፍል ከዚያ በኋላ ተቀባ፣ በየአምስት ደቂቃው አንድ ዘለላ በርጥብ ፎጣ እየጠረግኩ ቀለሙን አየሁት። ከተፈጥሮው ጋር ሲመሳሰል አጠብነው፤ የሰዓቱን መሙላት አልጠበቅንም። ለእሷ ፀጉር ለመጨረሻው ቀለም ብቻ ሁለት ቱቦ አለቀ። ግማሽ ቱቦ ተርፎልኛል ብሎ ቀጭን አድርጎ መቀባት በራሱ አዲስ ነጠብጣብ ይፈጥራል፣ በተለይ ጠመዝማዛና ወፍራም ፀጉር ላይ።

ቀለበቱስ? መድረሻችን 3 እና 4 መካከል ስለሆነ ብዙም አላስቸገረንም፤ አንድ ደረጃ ያህል የጠቆረ ቢሆንም አጠገቡ ያለው ሲወርድ ጠርዙ ጠፋ። ልዩነቱ የበዛባት ሴት ግን ቀለም አውጪ የሚባለውን ነገር ልትጠቀም ትችላለች። ይህ ፀጉርን አያነጣም፤ ውስጥ ገብቶ ያበጠውን የቀለም ቅንጣት መልሶ አሳንሶ እንዲታጠብ ያደርገዋል። ሽታው የበሰበሰ እንቁላል ዓይነት ነው። ሁለት ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። አንደኛ፣ በደንብ ካልታጠበ፣ ማለትም መመሪያው ያለውን ያህል ረጅም ደቂቃ ውኃ ካልወረደበት፣ ውስጥ የቀረው ቅንጣት ከአየር ጋር ተገናኝቶ በማግሥቱ ይጠቁራል። ሁለተኛ፣ የተቀባውን ያወጣል እንጂ ዱቄቱ ያጠፋውን የተፈጥሮ ቀለም አይመልስም። ከሱ በኋላ የሚታየው ያው ብርቱካናማና ቢጫ ሃይላይት ነው፣ ስለዚህ መሙላቱ አይቀርም። ቀለበቱ ላይ ብቻ ተቀብቶ ዙሪያው በኮንዲሽነር ቢጠበቅ ይሻላል።

ይህ ሁሉ የማይሠራባቸው ፀጉሮች አሉ። ሪላክሰር የገባበትና የነጣ ፀጉር አንዱ ነው። ሁለቱ የፀጉሩን ውስጣዊ ማሰሪያ በተለያየ መንገድ ይበጥሳሉ፤ በአንድ ዘለላ ላይ ሲገናኙ የሚቀረው ለማበጠሪያም አይበቃም። እንዲህ ባለ ፀጉር ላይ ማንሻም ቀለም አውጪም አላስነካም፤ መሙላትና ለስላሳ ቀለም ብቻ፣ ከሪላክሰሩም ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቆይቶ።

ሌላው በሂና ስም የሚሸጥ ጥቁር ዱቄት የተቀባበት ነው። ንጹሕ ሂና ቀይ ብርቱካናማ እንጂ ጥቁር አይሰጥም፤ ጥቁር የሚያደርጉት ዱቄቶች ሌላ ነገር የተጨመረባቸው ናቸው፣ አንዳንዶቹ የብረት ጨው አላቸው። የብረት ጨው ያለበት ፀጉር ከኦክሲዳንት ጋር ሲገናኝ ሊግል፣ ሊጨስና ሊበጣጠስ ይችላል። መለየቱ ከባድ አይደለም። ከማበጠሪያው የወጡ ጥቂት ፀጉሮች በብርጭቆ ውስጥ በ6 በመቶ ኦክሲዳንትና በጥቂት ጠብታ አሞኒያ ተነክረው ግማሽ ሰዓት ይጠበቃሉ። ፈሳሹ ከሞቀ፣ ከፈላ ወይም ፀጉሩ ከተበታተነ ያ ራስ ቀለም መቀባት የለበትም፤ መፍትሔው ማደግና መቆረጥ ነው።

እንደዚሁ ጥቁር ቀለሞች አብዛኞቹ ፓራፊኒሊንዳያሚን የሚባለውን ቅመም ወይም ዘመዱን ይይዛሉ፤ ሰውን ክፉኛ የሚያሳክክና ፊትን የሚያሳብጥ አለርጂ ሊያስነሣ የሚችል ነው። ለዓመታት የተቀባች ሴትም በአንድ ቀን ልትቆጣበት ትችላለች። ስለዚህ ከሥራው 48 ሰዓት በፊት ከቀለሙ ጥቂቱን በመመሪያው መሠረት ከጆሮ ኋላ ወይም ክርን ውስጥ ቀብቶ ማየት ያስፈልጋል። ቤት ውስጥ ለምትቀባም ለፀጉር ሠሪዋም የሚዘለል ነገር አይደለም።

ደንበኛዬ በወሩ ስትመለስ ፀጉሯን እንደገና ቀን ብርሃን ላይ አየነው። ቀለበቱም ሰንበሩም የለም፤ የተሞሉት ዘለላዎች ግን በጥቂቱ ሞቀው ወደ መዳብ አድልተዋል። ይህ ይጠበቃል፤ የተከፈተ ቅርፊት አይዘጋም፣ ሙሉ በሙሉ እስኪቆረጥ ድረስ ከሌላው ቀድሞ ይደክማል። ለዚህ ጫፎቹን ብቻ በየስድስት ሳምንቱ በለስላሳው ቀለም ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ማደስ ይበቃል። ሥሩ ሲያድግ ደግሞ ሥሩ ብቻ ነው የሚቀባው፣ አዲስ የበቀለው ሁለት ሳንቲ ሜትር። ቀለሙን በማበጠሪያ ወደ ታች መጎተት ቀለበቱን መልሶ ይፈጥረዋል። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ የሁለቱን ቱቦዎች ቁጥር፣ የኦክሲዳንቱን መጠንና ደቂቃውን ጻፍኩ፣ ለእሷም በወረቀት ሰጠኋት፤ ሌላ ፀጉር ቤት ብትሄድ ከየት እንደሚጀመር እንዲያውቁላት።